ቤት መትቷል፤ ማድ ቤቱ ግን የለም

ግጥሜን አንብቤ ስጨርስ መምህራችን አላጨበጨቡም፣ አልገሠጹኝምም። ወደ ክፍሉ ዞሩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ይህቺ የተገጠመላት ሴትዮ የኔ እናት ናት የሚል እጁን ያውጣ።»

ክፍሉ ሙሉ እጁን አወጣ። ከኋላ ወንበር ሁሌ የሚያንቀላፋው ልጅ ሳይቀር አወጣ። እኔ መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ሁሉንም የነካ ግጥም የጻፍኩ መስሎኝ። ቀጥለው እንዲህ አሉ። «እንግዲህ የሁላችሁም እናት ከሆነች የእሱ እናት የት ሄደች?»

ደብተሩ ሲመለስልኝ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ተጽፎበት አገኘሁ። «ቤት መትቷል። ማድ ቤቱ ግን የለም።» ውጤት አልሰጡትም። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንደገና ጽፌ እንዳመጣ ብቻ አዘዙኝ። ያቺ መስመር ዓመታት አልፈው እንኳ አልለቀቀችኝም። ግጥም በጻፍኩ ቁጥር፣ የሰው ግጥም ባነበብኩ ቁጥር ብቅ ትላለች። ስለዚህ ያን ሳምንት ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ጀግንነት የለበትም። አብዛኛው ጣት መቁጠር ነው።

ፊደል ቆጥሬ ነበር

የቤት ሥራው ግልጽ ነበር። ርዕሱ «የእናቴ ማድ ቤት»፣ ስድስት ስንኝ፣ በወል ቤት ምጣኔ፣ ሁለት ሁለቱ ስንኝ ቤት እየመታ። የወል ቤት ማለት አንዱ ስንኝ ለሁለት ሐረግ ተከፍሎ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም ሲኖረው ነው። ስድስት ሲደመር ስድስት፣ አሥራ ሁለት። ብዙ የምናውቃቸው የአማርኛ ግጥሞች በዚህ ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ምኑም አዲስ አልመሰለኝም።

የመጀመሪያ ስንኜ ይቺ ነበረች፦

እናቴ ድስት / ጣደች ማልዳ

ቁጠሩት። እ፣ ና፣ ቴ፣ ድ፣ ስ፣ ት። ስድስት። ጣ፣ ደ፣ ች፣ ማ፣ ል፣ ዳ። ስድስት። አሥራ ሁለት ሞላ፣ አለቀ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እኔም በአምስት ደቂቃ አፍስሼ ሳምንት ሙሉ ለቀምኩ።

ስህተቱ የተገለጠው መምህራችን ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ ስንኟን ጮክ ብለው ሲያነቡ ነው። በየቀለሙ አንድ ምት። እ-ና-ቴ-ድስት። አራት። ጣ-ደች-ማል-ዳ። አራት። ክፍሉ ወዲያው ገባው፣ ምክንያቱም ምቱን ሁሉም ያውቀዋል። አንዱ ከኋላ «ሆ!» ብሎ ተቀበለ። ሳላውቀው የወል ቤት ትቼ በቡሄ በሉ ምጣኔ፣ አራት በአራት ገጥሜያለሁ። እናቴ ድስት ጥዳ ልጆች ዱላ ይዘው በር ላይ የሚጨፍሩ አስመሰልኩት።

የቆጠርኩት ፊደል ነበር፣ መቆጠር ያለበት ግን ቀለም ነው፣ ከአፍ በአንድ ምት የሚወጣው ድምፅ። ልዩነቱን የሚፈጥረው ሳድስ ነው። ሌሎቹ ፊደላት፣ ግዕዙም ካዕቡም ሣልሱም፣ አናባቢያቸውን ይዘው ስለሚነገሩ እያንዳንዳቸው አንድ ምት ናቸው። ሳድስ ግን አንዳንዴ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። «ድስት» ሦስቱም ሳድስ ናቸው፣ ከአፍ የሚወጣው ግን አንድ ምት ነው። ድ ትሰማለች፣ ስ እና ት እሷ ላይ ይንጠለጠላሉ። «ክዳን» ላይ ደግሞ ክ ሳድስ ሆና ለብቻዋ ትሰማለች፣ ን ግን ከዳ ጋር ትዋሐዳለች። ክ-ዳን፣ ሁለት ምት። ስለዚህ ወረቀት ላይ ያለውን ማየት ዋጋ የለውም። ጮክ ብሎ ማንበብና ጠረጴዛ መምታት ነው ያለው። ጣት የሚሰናከልበት ቦታ ችግሩ ያለበት ቦታ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። የምንጽፈውና የምንናገረው አንድ አይደለም። «ከእሳቱ» ብለን አራት ፊደል እንጽፋለን፣ ስንናገር ግን «ከሳቱ» ነው የምንለው፣ ሦስት ምት። «ለአንድ» ብለን እንጽፋለን፣ አፋችን ግን «ላንድ» ይላል፣ አንድ ምት ብቻ። ይሄን ያልያዘ ሰው ቆጥሮ ቆጥሮ ልክ ነው ብሎ ይሰጣል፣ ሲነበብ ይንገዳገዳል።

ለች፣ ለች፣ ለች

ይሄን ከተማርኩ በኋላ ቆጠራው አልከበደኝም። በማግስቱ ስድስት ስንኝ ይዤ መጣሁ። ያ ክፍሉን ሙሉ እጅ ያስወጣው ግጥም ይኼ ነው። አሁን ላይ ሳነበው ያሳፍረኛል፣ ግን ሳልቆርጥ አቀርበዋለሁ፦

እናቴ በማድ ቤት / ሁሌ ትሠራለች፣
ከእሳቱ አጠገብ / ወጡን ታበስላለች፣
ጠዋት ትነሣለች / ማታ ትተኛለች፣
እኛን ትወዳለች / ታሳድገናለች፣
ሁሉን ትችላለች / ቀን ሌት ትለፋለች፣
እንደ ሻማ ቀልጣ / ለእኛ ታበራለች።

ምቱን ሞክሩት። ስድስት ስድስት ነው፣ የሚጎድለው የለም። ቤቱም ይመታል። ሁለት ሁለት ተብሎ ታዞ እኔ ስድስቱንም በአንድ ቤት ዘጋኋቸው፣ እንደ ጉርሻ። «ጠዋት ትነሣለች ማታ ትተኛለች» የሚለውን ግን እባካችሁ ልብ በሉት። ይሄ ስለ እናቴ የተነገረ ነገር ነው? ጠዋት የማይነሣ ማታ የማይተኛ ማን አለ? ያን ስንኝ የጻፈው እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ለች ፈለገ፣ ለች አገኘ፣ ሄደ።

ይህ በአማርኛ የሚገጥም ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስለ አንዲት ሴት በአሁን ጊዜ እያወራህ ከሆነ ግሦችህ በለች ያልቃሉ። ስለ ራስህ ከሆነ በለሁ። ስለ እነሱ ከሆነ በሉ። ስለዚህ ቤቱ በነፃ ይመጣል፣ አንተ ምንም ሳታስብ ሰዋስው ይገጥምልሃል። በነፃ የመጣ ቤት ደግሞ ምንም አያስገድድህም። «ትወዳለች»ን በ«ትለፋለች» ብትቀይረው፣ ያንን ደግሞ በ«ትደክማለች» ብትተካው ግጥሙ ላይ ምንም አይደርስም። አንዱ ቃል ከሌላው ጋር ስላልተጣላ አንዱም አያስፈልግም። ጓደኞቼ ለሳምንት ያህል «ለች ለች» እያሉ ጠሩኝ፣ እውነት ለመናገር ይገባኝ ነበር።

እጃቸው ሲወጣ የገባኝ ይህ ነው። የሁሉም እናት የሆነችው ስለ እናት የሚባለውን ስለደገምኩ ነው። ሻማውንም ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እናቴ ማድ ቤት ውስጥ ሻማ ለኩሳ አታውቅም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ፣ እናት አለችኝ በግጥም፣ ድስቷን ግን አላየሁትም።

መምህራችን ስሰናበታቸው አንድ ሕግ ጨመሩልኝ። «ከስድስቱ ስንኝ በማሰሪያ ግሥ የሚያልቅ አንድም እንዳይኖር።» ይኼው ብቻ። እናትህን አስባት፣ ስሜትህን ግለጽ፣ ምናምን አላሉም። ያን ጊዜ ጨካኝ ሕግ መሰለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓረፍተ ነገር የማስርበትን ገመድ ነው የወሰዱብኝ።

ቡሹ

ያን ቀን ማታ ማድ ቤት በር ላይ ቆምኩ። ግጥም ፍለጋ ሳይሆን ስም ፍለጋ ነበር። ስንኜን በግሥ መጨረስ ካልቻልኩ በስም መጨረስ አለብኝ፣ ስሞቹ ያሉት ደግሞ እዚያ ነው። ደብተሬን ይዤ የማየውን እጽፋለሁ። ምድጃ። ማማሰያ። ጭልፋ። ቢላዋ። ክዳን። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው እዚያ የተገተርከው?»

«ግጥም ነው እማ።»

«ግጥም ማድ ቤት ነው እንዴ የሚበቅለው? በል እንግዲህ ከቆምክ አይቀር ያን ውሃ አቀብለኝ።»

ውሃውን ሳቀብላት ነው ክዳኑን ያየሁት። ማየት ስል፣ በየቀኑ የማየውን ነገር ማለቴ ነው። የትልቁ ድስት ክዳን እጀታው ከወለቀ ቆይቷል። ብሎኑ የነበረበት ቀዳዳ ቀርቶ ነበር። እናቴ የጠርሙስ ቡሽ በቢላዋ ጠርባ አቅጥና እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ወትፋዋለች። ቡሽ እንደ ብረት አይግልም፣ በባዶ እጅ ይያዛል። ብልህ ጥገና ነው። ግን ከጊዜ ብዛት ቡሹ ደርቆ ስለተኮማተረ ቀዳዳው ውስጥ ይላወሳል። ድስቱ ሲፈላ እንፋሎቱ ከሥር ይገፋዋል፣ ያን ጊዜ ክዳኑ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ት-ት-ት-ት ይላል። ያን ድምፅ ከተወለድኩ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።

«እማ፣ ለምን አዲስ ክዳን አንገዛም?»

ቢላዋዋን ሳታቆም መለሰችልኝ። «አዲሱ ዝም ይላል። ይሄኛው ይጣራል።»

ከዚያ በኋላ ነው ያስረዳችኝ። ሳሎን ሆና እንግዳ ስታጫውት፣ ልብስ ስታጣጥፍ፣ ጆሮዋ ቡሹ ላይ ነው። ፈጠን ፈጠን ካለ ድስቱ ሊገነፍል ነው። እየዘገየ፣ እየተቆራረጠ ከመጣ ውሃው እያለቀ ነው፣ እንፋሎቱ ቀንሷል፣ ካልደረሰችለት ያራል። ጭራሽ ዝም ካለ ደግሞ አንድ ሰው እሳቱን አጥፍቶታል፣ ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነኝ። ገጥሞ የሚዘጋ አዲስ ክዳን ይሄን ሁሉ አይነግራትም።

ይሄን የማንም እናት ልትለው ትችላለች? ምናልባት። ግን ክፍል ውስጥ እጅ የሚያወጣ አይኖርም።

ቤቱ ወዴት እንደሚጎትት

አሁን ነገሩ በእጄ ነው፣ የቀረው መግጠም ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ሌሊቱ አለቀ። ነገሩን ይዘኸው ግጥሙ እምቢ ሲል እንዴት እንደሚያናድድ የሞከረው ያውቀዋል።

መጀመሪያ ቡሹን ስንኝ መጨረሻ ላይ አደረግኩት። ዋናው ነገር እሱ አይደል? እንዲህ አልኩ፦

እጀታው ቢወልቅም / ተተካበት በቡሽ

ምጣኔው ልክ ነው፣ በማሰሪያ ግሥም አላለቀም። አሁን ከቡሽ ጋር ቤት የሚመታ ፈልግ። እዚህ ላይ ስለ ቤት አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ስንኙ በሳድስ ሲያልቅ የመጨረሻዋ ፊደል ብትመሳሰል አይበቃም፣ ከእሷ በፊት ያለው አናባቢም መመሳሰል አለበት። «ክዳን» እና «ድስቱን» ሁለቱም በን ያልቃሉ፣ ወረቀት ላይ ቤት የመቱ ይመስላሉ። ጆሮ ግን አንዱን ዳን፣ ሌላውን ቱን ብሎ ስለሚሰማ አይቀበላቸውም። ስለዚህ ለቡሽ የሚያስፈልገኝ ሽ ብቻ ሳይሆን በካዕብ ተነሥቶ በሽ የሚያልቅ ነገር ነው። ኩሽ፣ ቁሽ፣ ሉሽ የሚል።

በአማርኛ ይሄን የሚሰጥህ ማን ነው? «አንቺን» የሚል ግሥ ነው። ይመርቁሽ፣ ያክብሩሽ፣ ይስጡሽ። ሳላስበው እጄ ይሄን ጻፈ፦

እናቴ ኑሪልኝ፣ / ሁሉም ይመርቁሽ

ስድስት በስድስት፣ ቤቱም ግጥም ያለ። ግን አያችሁ የት እንደወሰደኝ? ስለ አንድ ክዳን እያወራሁ ድንገት ምርቃት ውስጥ ገባሁ። እናቴን አንቺ እያልኩ ፊቷ ቆሜ ሌላ ሻማ ልለኩስላት ነው። ያን ያሰብኩት እኔ አይደለሁም፣ ሽ ናት የጎተተችኝ። የትኛውን ቃል ስንኝ መጨረሻ ላይ እንደምታስቀምጥ ስትመርጥ የሚቀጥለው ስንኝ ወዴት እንደሚሄድ ግማሹን ወስነሃል። በዚያ ላይ ይመርቁሽም ማሰሪያ ግሥ ነው፣ ሕጉንም አፍርሻለሁ። ሁለቱንም ሰረዝኩ።

መፍትሔው ቡሹን ወደ መሐል ማስገባት ነበር። መሐል ያለ ቃል ቤት መምታት የለበትም፣ ነፃ ነው። መጨረሻ ላይ ክዳኑን አደረግኩት። «ቡሽ የያዘው ክዳን»። ቡሽ-የ-ያ-ዘው-ክ-ዳን፣ ስድስት። ለመጀመሪያው ሐረግ «እጀታው የወደቀ» ብዬ ነበር፣ ግን መታሁት፣ ሰባት ሆነ። እ-ጀ-ታው-የ-ወድ-ደ-ቀ ዓይነት ነገር ነው፣ ደ ጠብቃ ስለምትነገር ጣቴ እዚያ ላይ ሲዘገይ ይታወቀኛል፣ ቢሆንም ሰባት ሰባት ነው። «እጀታው ወልቆበት» ሲሆን ስድስት ላይ ቆመ። ከምጣኔው ሌላ ቃሉም ተሻለ። የወደቀ እጀታ ከየትም ይወድቃል፣ «ወልቆበት» ግን ክዳኑ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። ምጣኔ ጠቦኝ ያገኘሁት ቃል ሰፍቶኝ ከመረጥኩት በለጠ።

ከዳን ጋር «ለማዳን» መጣልኝ። ዳን ከዳን። ሁለት ፊደል አብሮ የሚመታ ቤት ነው፣ ከለች የተሻለ ድካም የጠየቀ። ደስ ያለኝ ግን ትርጉሙ ነው። እናቴ በእርግጥም ለማዳን ነው የምትሮጠው፣ ወጡን ከማረር።

ሁለተኛው ጥንድ ቀላል ነበር፣ በታ ለመዝጋት ወሰንኩ። አንዱ ስንኝ በ«ተነሥታ» አለቀ። ቦዝ አንቀጽ ነው፣ ግሥ ቢሆንም አያስርም፣ ሌላ ነገር ይጠብቃል። ሕጉን አላፈረስኩም። ሌላው በ«አፍታ» አለቀ፣ እሱ ስም ነው። እዚያ ስንኝ ላይ የሚነበበው «ላንድ አፍታ» እንደሆነ አስቡ፣ እንደተጻፈ ከተነበበ ይረዝማል። «በእጇ»ም እንዲሁ «በጇ» ተብሎ ነው የሚመታው። እናቴ ወጡን ስትቀምስ ከጭልፋው ጠብ አድርጋ በእጇ ጀርባ ነው፣ ከዚያ ለትንሽ ጊዜ የሚያናግራት የለም። ያንንም ያስገባሁት ስሙን ስፈልግ ነው።

የመጨረሻውን ጥንድ እናቴ ራሷ ሰጠችኝ። «አዲሱ ዝም ይላል። ይሄኛው ይጣራል።» ብታምኑም ባታምኑም ይህ እንዳለ የወል ቤት ነው። አ-ዲ-ሱ-ዝም-ይ-ላል፣ ስድስት። ይ-ሄ-ኛ-ው ብላችሁ በፊደል ከሄዳችሁ ትሳሳታላችሁ፣ በአፍ ግን ይ-ሄኝ-ኛው-ይጥ-ጣ-ራል ነው፣ ስድስት በስድስት። ሽንኩርት እየከተፈች። እኔ ሌሊት ሙሉ ጣቴን እየቆጠርኩ። ችግሩ በማሰሪያ ግሥ ማለቁ ብቻ ነበር። ገለበጥኩት፣ ግሡን ወደ ፊት አመጣሁት፦ «ይጣራል አሮጌው፣ ዝም ይላል አዲሱ»። ሲገለበጥ ደግሞ ጠንከር አለ። ድምፁ ቀድሞ ይሰማል፣ የሚጣራው ማን እንደሆነ በኋላ ይታወቃል። ልክ ማድ ቤት ውስጥ እንደሚሆነው።

ከሱ ጋር ቤት የሚመታ «መልሱ» ተገኘ። «ይህ ነበር መልሱ» ብዬ መታሁት፣ አምስት። አንድ ጎደለ። ነበርን «ነበረ» አልኩት፣ ሞላ። ገጣሚዎች ለምን «ነበረ» ማለት እንደሚወዱ ያን ጊዜ ገባኝ፣ እስከዚያ ድረስ ለማማር ይመስለኝ ነበር።

እጀታው ወልቆበት / ቡሽ የያዘው ክዳን፣
ሲንቀጠቀጥ ሰምታ / ደረሰች ለማዳን፤
ወሬዋን አቋርጣ / ከሳሎን ተነሥታ፣
በእጇ ጀርባ ቀምሳ / ዝም አለች ለአንድ አፍታ፤
«አዲስ ይገዛ» ስል / ይህ ነበረ መልሱ፦
ይጣራል አሮጌው፣ / ዝም ይላል አዲሱ።

እናት የሚል ቃል የለበትም። ፍቅር የለም፣ ልፋት የለም፣ ሻማ የለም። ይሄን ሆን ብዬ አይደለም ያደረግኩት፣ ቦታ አልተረፈም።

እንከንም አለበት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ «ደረሰች» ካልኩ በኋላ ሦስተኛው ላይ ገና ከሳሎን አስነሣኋት። ማድ ቤት የደረሰች ሴት እንዴት ተመልሳ ከሳሎን ትነሣለች? ዳን ከዳን ጋር እንዲገናኝ ስል ቅደም ተከተሉን አዛባሁት። ለሰዓታት ላስተካክለው ሞከርኩ፣ አልተቻለም። ያን ማዕዘን ሳነሣ ሌላው ይወድቃል። መምህራችንም አይተውታል፣ ከጎኑ ትንሽ ቀይ ምልክት አድርገዋል። ቢሆንም ሰባት ከአሥር ሰጡኝና «አሁን እጅ የሚያወጣ የለም» ብለው ጻፉበት።

ከሳሎን ወይስ ከጓሮ

ማታ ለእናቴ አነበብኩላት። ቆማ ሰማችኝ፣ ማማሰያው በእጇ ነው። እስክጨርስ ዝም አለች። ትንሽ ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልዋሽም። ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ከሳሎን አይደለም» አለችኝ።

«ምኑ?»

«የተነሣሁት። ያን ቀን እንግዳ መጥቶ ሳሎን የነበርኩት ባለፈው ነው። ብዙውን ጊዜ እኮ ጓሮ ነኝ፣ ከጎረቤት ጋር በአጥሩ እያወራሁ። እዚያም ይሰማኛል እልሃለሁ።»

ጓሮ ድረስ ይሰማታል። ይሄን አላውቅም ነበር። ጓሮው ከማድ ቤቱ ጋር በግድግዳ ተለይቶ፣ ዞር ብሎ ነው ያለው። ደብተሬን ገልጬ ጠረጴዛው ላይ መታሁት። ከ-ሳ-ሎን። ሦስት። ከ-ጓ-ሮ። ሦስት።

ሰረዝኩና «ከጓሮ» ብዬ ጻፍኩት።